ቡናው ከሩጫው በፊት፦ ስፖርት ለምትሠራ ሴት ስለ ብረት

ካፋ ውስጥ ለምትሠለጥን ሴት ስለ ብረት ሲወራ፣ ከሥጋና ከጎመን በፊት መነሣት ያለበት ቡና ነው። ተዪው ልልሽ አይደለም። የቡናን አገር ሰው ቡና ተው ብሎ የሚመክር የሚሰማው አያገኝም። የምነግርሽ ስለ ሰዓቱ ነው። ቢታ ገነት ላይ ማለዳ ተነሥተሽ የምትሮጪም ሁኚ፣ ቦንጋ ውስጥ ለትምህርት ቤትሽ ኳስ የምትጫወቺ፣ ቡናው ከምግቡ በፊት ይቅደም ወይስ ይከተል የሚለው ጥያቄ በደምሽ ላይ ልዩነት ያመጣል።

በመጀመሪያ ብረት ምን ይሠራል? ከሳንባሽ ኦክስጅን ተቀብሎ ወደ ጡንቻሽ የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን የሚባለው የደም ክፍል ነው። ደምን ቀይ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም። ከዕለት ፍጆታ የተረፈውን ብረት ሰውነት በጉበት፣ በጣፊያና በአጥንት መቅኔ ያስቀምጠዋል። የሚያስቀምጥበት ፕሮቲን ፌሪቲን ይባላል። እነዚህን ሁለት ስሞች ያዢያቸው፤ ምርመራው ላይ ስንደርስ እንፈልጋቸዋለን።

ብረት ሲጎድል መጀመሪያ የሚያልቀው የተቀመጠው ነው። ደሙ የሚያንሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት «ደም ማነስ የለብሽም» ተብላ ብረቷ ግን ተሟጦ ሊሆን ይችላል። ይህ ጊዜ ወራት ሊቆይ ይችላል። በነዚህ ወራት ልምምዷን ሳትቀንስ ሰዓቷ ይዘገያል፣ የለመደችው ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራታል፣ ከሥልጠና በኋላ ቶሎ አታገግምም። ፀጉሯ ሊሳሳ፣ ብርድ ሊበዛባት ይችላል። አንዳንዷ ደግሞ አፈር ወይም አመድ መቅመስ ያምራታል። ይህን አምሮት ብዙ ሴቶች አፍረው ይደብቁታል፤ የብረት እጥረት የታወቀ ምልክት ስለሆነ ግን ለጤና ባለሙያ ሊነገር ይገባል።

ለምን ሴት ላይ ይብሳል? ዋናው ምክንያት የወር አበባ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለ። በአንድ ወር አበባ አርባ ሚሊ ሊትር ደም የሚፈሳት ሴት ሃያ ሚሊ ግራም ብረት ታጣለች ማለት ነው። ለቀን ሲካፈል ወደ 0.7 ሚሊ ግራም ይመጣል። ማንኛውም ሰው በቆዳና በአንጀት በኩል በየቀኑ የሚያጣው ሌላ 0.8 ያህል አለ። ተደምሮ አንድ ተኩል ይሆናል። ደሟ በብዛት የሚፈሳት ሴት ከዚህ በላይ ታጣለች። ሞዴስ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ የምትቀይር ወይም ከሰባት ቀን በላይ የሚፈሳት ከሆነ ምግብ ብቻውን ላይበቃት ይችላልና ምክንያቱን በሐኪም ታስፈትሽ።

ሥልጠናው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። በረጅም ሩጫ እግር መሬት በመታ ቁጥር ጥቂት ቀይ የደም ሴሎች ይፈርሳሉ። በላብና በአንጀትም ትንሽ ይወጣል። እነዚህ ግን ጥቃቅን ናቸው። ትልቁ ጉዳይ ሄፕሲዲን የሚባል፣ ጉበት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ሥራው የብረት በር ጠባቂነት ነው። ሲበዛ አንጀት ከምግብ ብረት እንዳይቀበል በሩን ይዘጋል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል። ማለዳ ሮጠሽ ምሳ ሰዓት ላይ ምስር ብትበዪ፣ በሩ ገርበብ ባለበት ሰዓት ነው የደረስሽው። ልምምድ እንደጨረስሽ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብትበዪ ግን በሩ ገና ክፍት ነው። በተለይ የጠዋቱ ሰዓት ይመረጣል፤ ሄፕሲዲን በተፈጥሮው ጠዋት ዝቅ ብሎ ቀን ላይ የሚጨምር ነውና።

እንግዲህ ቡናው ጣልቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከሩጫ ተመልሰሽ ቁርስ ስትቀርቢ ጀበናው ከጎን ይጠብቅሻል። ቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች፣ ማለትም ለቡናና ለሻይ መራራነትና ማጣበቅ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች፣ ከምግቡ ብረት ጋር ተጣብቀው እንዳይመጠጥ ያደርጉታል። በ1983 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን በቁጥር ለክቶታል። ሥጋ ካለበት ምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚመጠጠውን ብረት በ39 በመቶ ቀነሰው። ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ሻዩ ከቡናው የባሰ ነው ማለት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

የዚያ ጥናት ጠቃሚው ክፍል ግን ሌላ ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም ጉዳት አልታየም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል አገደ። ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ ነዋ! «ከበላሁ ቆየሁ እኮ» ማለት አያዋጣም፤ ሁለት ሰዓት ማለፍ አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቡናውን ከሩጫው በፊት አድርጊው። ስትነሺ አንድ ስኒ ትጠጫለሽ፣ ትወጫለሽ፣ አንድ ሰዓት ትሠለጥኛለሽ፣ ተመልሰሽ ያለ ቡናና ያለ ሻይ ቁርስሽን ትበያለሽ። ካፌይን በሩጫ ላይ ጉልበት ስለሚሰጥ በዚያም ትጠቀሚያለሽ። ጨጓራ ካለብሽ በባዶ ሆድ አትጠጪው፤ ለአንቺ የሚሻለው የአራት ሰዓቱ የጎረቤት ቡና ነው። አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ሦስቱንም እዚያው ጨርሺው። ለዚህ ማስተካከያ የምታወጪው ሳንቲም የለም፤ ካሉኝ ምክሮች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

የቡና ቁርሱስ? እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ቡና የሚያግደው በዚያው ሰዓት ሆድ ውስጥ ያለውን የምግብ ብረት ብቻ ነው። ከቡና ጋር የሚቀርበው የተቀቀለ ጎደሬ ወይም ትንሽ ቆሎ ቢሆን የምታጪው ብረት ጥቂት ነው። የሚያሳዝነው ጥሩውን የምስር ወጥ ወይም ጥብስ ከበላሽ በኋላ ወዲያው ቡና ሲከተልበት ነው።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። የምግብ ብረት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥጋ፣ ጉበት፣ ዶሮና ዓሣ ውስጥ ያለው ሲሆን፣ ሰውነት ከመቶው ከ15 እስከ 35 ያህሉን ይወስዳል። ሁለተኛው እህል፣ ጥራጥሬና ጎመን ውስጥ ያለው ነው። ከእሱ የሚወሰደው ከመቶ ከ2 እስከ 20 ሲሆን፣ የትኛው ጫፍ ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው አብሮ የሚበላው ነው። ሥጋ ራሱ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የራሱን ብረት ይሰጣል፣ አብሮት ያለውን የእህል ብረትም እንዲመጠጥ ያግዛል። ስለዚህ ለስፖርተኛ ሴት በወር አንድ ቀን አንድ ኪሎ ሥጋ ከመብላት፣ ያንኑ ኪሎ ከፋፍሎ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከምስር ወይም ከጎመን ጋር ማብሰል ይሻላል።

ጉበት ከሥጋ ሁለት እጥፍ በላይ ብረት አለው። በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ የበሰለ ጉበት ይበቃል። ካረገዝሽ ግን ጉበት አታብዢ፤ የያዘው ቫይታሚን ኤ ከመጠን ካለፈ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል።

ቆጮስ? ቆጮ ጉልበት ሰጪ ነው እንጂ የብረት ምግብ አይደለም። አንድ መልካም ነገር ግን አለው። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ፊታት የሚባል ብረትን አሥሮ የሚይዝ ንጥረ ነገር አለ፤ ለረጅም ጊዜ የሚብላላው ቆጮ ውስጥ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አብሮት የሚመጣውን ብረት ብዙም አያሥርም። ቆጮ ከክትፎ ወይም ከበሰለ ሥጋና ከጎመን ጋር ሲሆን ጥሩ ማዕድ ነው፤ ቆጮ ከቡና ጋር ብቻ ሲሆን ግን ለብረት የሚረባ ነገር የለውም።

ጤፍ ላይ አንድ የቆየ አለመግባባት አለ። «ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል» ይባላል። ላቦራቶሪ ውስጥም አንዳንዴ በጣም ብዙ ብረት ተገኝቶበታል። ነገር ግን ከዚያ ብረት ብዙው በአውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። የአፈር ብረት ደግሞ ብዙም አይመጠጥም። ታጥቦ ሲለካ ጤፍ ከሌላው እህል የተሻለ እንጂ ተአምር አይደለም። የእንጀራን ዋጋ የሚያሳድገው ቡኮው ነው። ሁለት ሦስት ቀን በእርሾ የቆየ ሊጥ ፊታቱ ይቀንሳል። ጠዋት ተቦክቶ ማታ የተጋገረ እንጀራ ይህን አያገኝም።

በጾም ጊዜ ለምትሠለጥን ሴት ጥያቄው ይከብዳል። ሁዳዴ ሲደመር ረቡዕና ዓርብ፣ የሌሎቹም አጽዋማት ሲጨመሩ ሥጋ የማይነካበት ጊዜ ከዓመቱ ግማሽ ያህል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ሽሮ ይሸከሙሻል። አንድ ጭልፋ የበሰለ ምስር፣ ማለትም መቶ ግራም ያህሉ፣ ሦስት ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለው። የሚመጠጠውን ለማሳደግ ሁለት ዘዴ አለሽ። አንዱ በቆልት ነው፦ ባቄላው ወይም ሽምብራው ተዘፍዝፎ ሲበቅል ፊታቱን እየበላ ነው የሚያቆጠቁጠው። በሁዳዴ በቆልት መብላት ያስለመዱን እናቶቻችን ይህን በላቦራቶሪ አላዩትም፤ ያዋጣል ግን።

ሁለተኛው ዘዴ ቫይታሚን ሲ ነው። ይህ ንጥረ ነገር የእህልን ብረት አንጀት ሊቀበለው ወደሚችለው መልክ ይለውጠዋል፣ የቡናንና የፊታትንም ጫና በከፊል ያቃልላል። ካፋ ውስጥ ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ ወይም ሎሚ ማግኘት አይቸግርም። ዋናው ፍሬው ከምግቡ ጋር መበላቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ለብቻው የተበላ ብርቱካን ለምሳው ምስር ምንም አያደርግለትም። ቫይታሚን ሲ በእሳት ስለሚጠፋ ሎሚው ወጡ ከወጣ በኋላ ይጨመቅበት፤ ቃሪያና ቲማቲም ደግሞ በሰላጣ መልክ ከጎን ይቅረብ።

ስለ ድስትም አንድ ቃል። በ1999 በሰሜን ኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የተደረገና በስመ ጥሩው ላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በብረት ድስት የበሰለ ምግብ የተመገቡ ልጆች በአሉሚኒየም ድስት ከተበሰለላቸው ይልቅ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ከድስቱ ጥቂት ብረት ወደ ወጡ ይገባል፤ እንደ ቲማቲም ያለ ኮምጣጣ ነገር ሲኖርበት ደግሞ ይበዛል። የብረት ድስት ካገኘሽ ዋጋው አንዴ ነው፣ አገልግሎቱ ግን የዕድሜ ልክ። ችግሩ መክበዱና ካልደረቀ መዛጉ ነው።

ምግብ ሳይጎድል ብረት የሚጎድልበትም መንገድ አለ። እንደ ካፋ ባለ እርጥብና ሞቃት አገር በባዶ እግር መሄድ፣ ሐኪሞች ሁክዎርም የሚሉትን ትል ያስገባል። ትሉ ቆዳ ሰርስሮ ይገባና አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። የምትበዪው ጥሩ ሆኖ ደምሽ ካልተነሣ የሰገራ ምርመራ ይደረግልሽ። መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ቀላልና ርካሽ ነው። ትሉን ሳያስወጡ የብረት እንክብል መዋጥ ግን በሚያፈስ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

መቼ ልመርመር? የሥልጠና ወቅት ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ። ከዚህ በፊት እጥረት ከነበረብሽ ወይም ደም በብዛት የሚፈስሽ ከሆነ በየሦስት ወሩ። ከላይ የቆጠርኳቸው ምልክቶች ከታዩ ደግሞ ወሩን አትጠብቂ። የወር አበባሽ ጨርሶ ከቀረ ግን «ደም አላፈሰስኩም፣ ብረቴ ተረፈልኝ» ብለሽ አትጽናኚ። እርግዝና ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከምትሠሪው ልምምድ አንጻር የምትበዪው አንሶ ነው። አጥንትሽን ይጎዳልና ለሐኪም ንገሪ።

ምን ልመርመር? ጤና ጣቢያ ላይ የሚገኘው ሄሞግሎቢን ነው። ከጣት ጠብታ ወስደው በደቂቃዎች ይነግሩሻል፤ ዋጋውም ከሁሉ ዝቅተኛው ነው። ያላረገዘች ሴት በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ከ12 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነች ደም ማነስ አለባት ይባላል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል ተብሎ መስፈርቱ ከፍ ይደረጋል። በዓለም የጤና ድርጅት የ2024 መመሪያ መሠረት እንደ ቦንጋ ባለ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ባለ ከፍታ መስፈርቱ ወደ 13 ይጠጋል። ይሁንና በሰሜን ኢትዮጵያ ደገኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከቆላ ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ በ12 እና በ13 መካከል ያለች ሐበሻ ሯጭ በሄሞግሎቢን ብቻ ልትታወቅ አትችልም።

እዚህ ነው ፌሪቲን የሚያስፈልገው። የተቀመጠውን ብረት የሚለካው እሱ ነው። በዓለም የጤና ድርጅት መስፈርት ከ15 ማይክሮ ግራም በሊትር በታች ከሆነ ግምጃው ባዶ ነው። የስፖርት ሐኪሞች ብዙዎቹ ከ30 ወይም 35 በታች ሲሆን መጠንቀቅ ይጀምራሉ። ፌሪቲን ውድና በየጤና ጣቢያው የማይሠራ ምርመራ ነው። ቦንጋ የሚገኘው የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ላይ ወይም የግል ላቦራቶሪ ላይ መሠራቱን አስቀድመሽ ጠይቂ። ካልሆነ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ነው። ያኔ ከምርመራው ዋጋ ትራንስፖርቱ ይበልጣልና ለሌላ ጉዳይ ስትሄጂ አብረሽ አስደርጊው።

ውጤቱ እንዳያሳስትሽ ጥቂት ነገር አስተውዪ። ፌሪቲን በሕመም ጊዜ የተቀመጠው ብረት ሳይጨምር ይነሣል። ወባ፣ ጉንፋን ወይም ቁስል ካለብሽ ባዶው ግምጃ ሙሉ መስሎ ይታያል፤ ከዳንሽ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ተመርመሪ። ከከባድ ሩጫ ማግስትም አይሆንም፤ አንድ ሁለት ቀን ዕረፍት አድርጊ። ጠዋት፣ ውኃ ጠጥተሽ ሂጂ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት፣ በሳምንት ስድስት ቀን የምትሮጥ ልጅ እናስብ። ሄሞግሎቢኗ 12.6፣ ፌሪቲኗ 9 ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ደህና ነሽ፣ ስንፍና ነው» ይላታል። ሁለተኛው ግን ድካሟ እውነት መሆኑን ይመሰክራል። ሐኪሟ ስልሳ ሚሊ ግራም ብረት ያለው እንክብል ያዝላታል። በየቀኑ ሳይሆን በሁለት ቀን አንዴ። ለምን? አንድ እንክብል ሲዋጥ ሄፕሲዲን ለሃያ አራት ሰዓት ያህል ከፍ ይልና የነገውን እንክብል በር ላይ ይመልሰዋል። በሁለት ቀን አንዴ ሲሆን ከእያንዳንዱ የሚመጠጠው ይበዛል፤ የሆድ ድርቀትና ማቅለሽለሽም ይቀንሳል። እንክብሉን ከሩጫ እንደተመለሰች ከብርቱካን ጋር ትውጣለች። ሰገራዋ ይጠቁራል፤ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም።

ከሦስት ወር በኋላ ዳግመኛ ትመረመራለች። ፌሪቲኗ 30 ካለፈ እንክብሉ ይቆምና ምግቡና የቡናው ሰዓት ይቀጥላሉ። ጭራሽ ካልተነሣ ወይ አልዋጠችም፣ ወይ ከቡና ጋር ዋጠች፣ ወይ ደሙ በሌላ በኩል እየፈሰሰ ነው፤ ያኔ ትሉ፣ ጨጓራውና የወር አበባው ይፈተሻል።

ፌሪቲን የማይገኝ ቢሆንስ? ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ያለ ከሆነ ሐኪሙ ብረቱን ጀምሮላት ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢኑን እንደገና ሊለካ ይችላል። በአንድ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ የጎደለው ብረት ነበር ማለት ነው።

እንክብሉ ውድ አይደለም፤ ለነፍሰ ጡሮች በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ቢሆንም ሳትመረመሪ የጓደኛሽን አትጋሪ። ሰውነት ትርፍ ብረትን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም፤ ከልክ ያለፈው ጉበትን ይጎዳል። «ለውድድር ያበረታል» እየተባለ የሚሰጥ የብረት ግሉኮስ ላይም ተጠንቀቂ። ብረት ራሱ የተከለከለ መድኃኒት አይደለም። ነገር ግን ለሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ በቀር በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ማንኛውንም ፈሳሽ በደም ሥር መውሰድ በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ሕግ የተከለከለ ነው። እንክብሎቹን ደግሞ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪያቸው። ጥቂቶቹ እንኳ ከረሜላ መስሎት ለዋጠ ሕፃን መርዝ ናቸው።